ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች፦ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ከጥቅምት ጀምሮ፣ የጥር ሠርግ እየቀረበ ሲመጣ፣ ስልካቸው ላይ የክሬም ፎቶ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ይበዛሉ። ወንዶችም አሉ። «እህቴ፣ ይቺ አለች?» ይሉኛል። ፎቶው ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የችፌ መድኃኒት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ስም የሌለው ብልቃጥ። መደርደሪያው ጋ ቆሜ ለአንድ ሰው በሁለት ደቂቃ የምነግረው ነገር ስለማይበቃኝ፣ ተደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ጻፍኳቸው።

እነዚህ ክሬሞች ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ችግር የሚያመጡት በዋናነት ሦስት ናቸው። ሃይድሮኪኖን፣ ስቴሮይድ እና ሜርኩሪ። ሜርኩሪ የሚባለው የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት ነው። ሦስቱም ቆዳን ያቀላሉ፣ ይህን መካድ አይቻልም፣ ባያቀሉ ኖሮ ማንም ደግሞ አይገዛቸውም ነበር። ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪ የቆዳችንን ቀለም የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዱታል። ስቴሮይዱ ደግሞ የቆዳን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎችም ያደክማል። አንድ ብልቃጥ ውስጥ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ሦስቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ክፉ ነገር አለ። ያደረሱት ጉዳት ራሱ «ጨምረሽ ተቀቢ» የሚል ይመስላል። ከታች ያለው ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

በአምስት ቀን ፊቴ ጠራ። ብጉሩም ጠፋ። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

አምስት ቀኑ ላይ ነው ችግሩ። ቆዳ ከሥር ታድሶ ወደ ላይ ለመምጣት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሐኪም የሚያዘው የማድያት ሕክምና እንኳን ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በቀናት ውስጥ ፊት ከጠራ፣ ብጉርም ማሳከክም አብሮ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ የቆዳን ቁጣ ስለሚያፍን ብጉሩ ይከስማል፣ ደም ሥሩ ስለሚጠብ ፊት ይገረጣል። ያ መገርጣት ነው «ጠራሽ» የሚያሰኘው።

እዚህ አካባቢ በብዛት የማየው ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ የሚባለውን ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ሰው ደካማ ይመስለዋል። ነገር ግን ለቆዳ ከሚሰጡ ስቴሮይዶች ሁሉ በጣም ጠንካራ ከሚባሉት ነው። የተሠራው እንደ ችፌ ላለ ለከበደ የቆዳ ሕመም ነው። ያውም ሳያቋርጡ ከሁለት ሳምንት በላይ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም በላይ እንዳይቀባ ተብሎ። ፊት ላይ ደግሞ ባይነካ ይሻላል፣ ምክንያቱም የፊት ቆዳ ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን ከእጅና ከእግር ይልቅ አብዝቶ ይመጥጣል።

ወራት ሲያልፉ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ያብረቀርቃል፣ ሰውም «ወዝ አላት» ይላል። ከዚያ ጉንጭ ላይ ቀያይ ክር የመሰሉ ደም ሥሮች ብቅ ይላሉ። አገጭና ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ትንንሽ፣ ሁሉም እኩል የሆኑ ብጉሮች ይወጣሉ። ጭንና ብብት ላይ የተቀባ ከሆነ ሸንተረር ይወጣል፣ ሸንተረሩ ደግሞ አይጠፋም።

ሳቆመው ፊቴ ይቃጠላል፣ ስቀባው ይሻለኛል። ክሬሙ ተስማምቶኛል ማለት ነው?

አይደለም። ቆዳሽ ሱስ ይዞታል ማለት ነው። ይህን በአንድ ደንበኛዬ ታሪክ ባስረዳ ይቀላል። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው።

ልጅቷ ከደብረ ሲና በኩል ነች። ጠይም፣ ቆንጆ ልጅ። ሠርጓ ጥር ላይ ነበር፣ ኅዳር ላይ ጓደኛዋ ከአንዲት ሻጭ ጋር አገናኘቻት። ሻጯ ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ሰጠቻት፣ ምንም ጽሑፍ የለበትም፣ «ስፔሻል ድብልቅ» ነው የተባለችው። ጠዋትና ማታ ተቀባች። በሳምንቱ ሰው ሁሉ ምን አድርገሽ ነው ይላት ጀመር። በሠርጓ ዕለት በጣም ደስ ብሏት ነበር።

የካቲት ላይ ብልቃጡ አለቀ። ሁለት ቀን ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ማሳከክ ጀመረ፣ በአምስተኛው ቀን ቀልቶ አበጠ፣ መግል የቋጠሩ ብጉሮች ወጡ። ለሻጯ ደወለች። ሻጯም «አየሽ የኔ ቆንጆ፣ አቋርጠሽው ነው» አለቻት። እውነቷን ነበር፣ ግን ልጅቷ በተረዳችው መንገድ አይደለም። ሌላ ብልቃጥ ገዛች፣ ተቀባች፣ በሁለተኛው ቀን ፊቷ ተመለሰ። ስለዚህ በሽታው ማቋረጡ፣ መድኃኒቱ ክሬሙ መሰላት። እንዲህ እያለች ከአንድ ዓመት በላይ ቆየች። መጀመሪያ አንድ ብልቃጥ ሁለት ወር ያህል ያቆያት ነበር፣ በመጨረሻ ግን በሦስት ሳምንት ያልቅ ጀመር።

እኔ ጋ የመጣችው ሻጯ ስልኳን አላነሳ ስትላት ነው። ቀደም ብላ ቅመሙን በስልክ ነግራት ስለነበር በወረቀት ጽፋ ይዛ መጣች። ሁለት ትዩብ ክሎቤታሶል፣ አንድ ሃይድሮኪኖን ያለበት ክሬም፣ የቀረው ተራ የሰውነት ሎሽን። «እትዬ፣ እነዚህን ስጪኝና ራሴ ልበጥብጠው» አለችኝ።

ወደ ብርሃኑ አቀረብኳት። ጉንጯ ላይ ቀያይ ክሮቹ ይታያሉ። አገጯ ላይ ብጉር አለ፣ መንጋጋዋ ላይ ደግሞ ስስ ፀጉር። ፊቷ ቀይ ነው፣ ግን የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጠቁሯል። በሙቅ ውኃ ስትታጠቢ ምን ይሰማሻል አልኳት።

«ሙቅ ውኃማ አልችልም። እንጀራ ስጋግር ራሱ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነው የምቆመው፣ የምጣዱ ወላፈን ይፈጀኛል።»

እዚህ ላይ የሆነው ይህ ነው። ስቴሮይዱ የቆዳዋን ደም ሥሮች አጥብቦ ይዟቸው ነበር። ሲለቃቸው ከመጀመሪያው በላይ ሰፍተው ተከፈቱ። ቅላቱም፣ ሙቀቱም፣ እብጠቱም ከዚያ ነው። ታፍኖ የቆየው ብጉርም አብሮ ፈነዳ። እንደገና ስትቀባ ይጠባሉ፣ ያንን ነው «ተሻለኝ» የምትለው። በተመለሰች ቁጥር ግን ቆዳው የበለጠ እየሳሳ፣ የሚበቃው መጠንም እየጨመረ ይሄዳል።

ክሎቤታሶሉን አልሸጥኩላትም። የቆዳ ሐኪም ጋ ላክኋት። ሐኪሙ ጠንካራውን አስቆማትና ደካማ ሃይድሮኮርቲሶን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ፣ በየጊዜው እያራራቀች እንድትቀባ አደረገ። ለብጉሩ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን አዘዘላት። ከዚያ ውጭ ፊቷን ለብ ባለ ውኃ መታጠብና ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት ብቻ። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር፣ ሁለት ጊዜ እያለቀሰች ደውላልኛለች። በአምስተኛው ወር ገደማ ማቃጠሉ ቆመ። መልኳም ወደ ራሷ ጠይምነት ተመለሰ። ቀያይ ክሮቹ ግን አሁንም አሉ።

ታዲያ ዛሬውኑ በአንዴ ልጣለው?

እንደ አጠቃቀምሽ ነው። ፊት ላይ ብቻ ለሁለትና ሦስት ሳምንት የተቀባሽው ከሆነ አቁሚው፣ ትንሽ ቢያቃጥልሽም ያልፋል። ለወራት የተቀባሽው ከሆነ ግን ቀስ በቀስ የምትቀንሺበትን መንገድ ሐኪም ቢያወጣልሽ ይሻላል።

መላ ሰውነትሽን ለብዙ ወራት ስትቀቢ ከነበረ ደግሞ ነገሩ የቆዳ ብቻ አይደለም። ስቴሮይድ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች የሰውነት የራሱ ስቴሮይድ የሆነውን ኮርቲዞል ማምረት ይተዋሉ። ከውጭ እየመጣላቸው ለምን ይሠራሉ? ያኔ ክሬሙ በድንገት ቢቆም ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል። ድካም፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ ሲነሱ ማዞር፣ የደም ግፊት መውረድ ይመጣል። እንዲህ ያለ ስሜት ከመጣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሆስፒታል መሄድና «ይህን ያህል ጊዜ የሚያቀላ ክሬም ስቀባ ነበር» ብሎ በግልጽ መናገር ነው። ካልተናገርሽ ማንም አይገምትልሽም። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅሽ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው።

ሌላው የማየው ነገር፣ ፊት ክብ እያለ ሲመጣ ሰው «ትዳር ተስማማት» ይላል። ፊትና ሆድ እየሞላ፣ እጅና እግር እየቀጠነ ከሄደ፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ከጨመረ፣ መስማማት ሳይሆን ስቴሮይዱ ሊሆን ይችላል።

እኔ በሎሽን አቅጥኜ ነው የምቀባው። ደካማ አይሆንም?

ይህን የሚጠይቁኝ ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ከትዩብ የወጣ ክሬም ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ሲዘረጋ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ለፊትና አንገት ሁለት ጣት ተኩል ይበቃል። ያ 1.25 ግራም ነው። ጠዋትና ማታ ሲሆን በቀን 2.5 ግራም፣ በሳምንት 17.5 ግራም።

አሁን ወደ መላ ሰውነት እንሂድ። አንድ አዋቂ ሰው ከላይ እስከ ታች አንዴ ለመቀባት 20 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። በቀን አንዴ ቢቀባ እንኳ በሳምንት 140 ግራም ነው። የክሎቤታሶል ጣሪያ በሳምንት 50 ግራም፣ ያውም ለሁለት ሳምንት ብቻ መሆኑን አስታውሺ። በሎሽን ስታቀጥኝው ሌላ የሚሆን ነገር አለ፤ ትንሽ ቦታ ላይ ይቀር የነበረው መድኃኒት መላ ሰውነትሽ ላይ ይዳረሳል፣ ለሁለት ሳምንት የተባለው ደግሞ ለዓመት ይቀጥላል። በማንኪያ የተበጠበጠ ነገር እኩል አይዋሃድም፣ አንዱ ጥግ ላይ ያለው ከሌላው ጥግ ሊጠነክር ይችላል።

ትዩቡ ከፋርማሲ የተገዛ እውነተኛ መድኃኒት ነው። እንዴት አደገኛ ይባላል?

መድኃኒቱ ክፉ አይደለም። ችፌ ላለበት ሰው ክሎቤታሶል ትልቅ እፎይታ ነው፣ እና ሐኪም አዞለት እየተጠቀመ ያለ ሰው ይህን አንብቦ እንዳይጥለው እለምናለሁ። ችግሩ ጤነኛ ቆዳ ላይ፣ ለማቅላት፣ ያለ ማብቂያ መቀባቱ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ፋርማሲ መኖሩንም አውቃለሁ። የሙያ ጓደኞቼን ማስቀየም አልፈልግም፣ ግን ይህ ስህተት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጭርት ላይ ስቴሮይድ አትቀቡ። ቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩም ይተዋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። ቅርጹም ስለሚለወጥ በኋላ ጭርት መሆኑን ለመለየት ራሱ ያስቸግራል።

ሐኪም ለማድያት ሃይድሮኪኖን አዘዘልኝ። ልተወው?

አይ፣ አትተዪው። ሃይድሮኪኖን በልኩ የታወቀ የማድያት መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ 2 ወይም 4 በመቶ ሆኖ፣ ማድያቱ ላይ ብቻ፣ ለጥቂት ወራት፣ ከፀሐይ መከላከያ ጋር ይሰጣል። ከዚያ ይቆማል ወይም እረፍት ይሰጠዋል። እንደ ማንኛውም መዋቢያ ከሱቅ እንዳይሸጥ ግን ብዙ አገሮች ከልክለዋል። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመዋቢያ ውስጥ አግዳዋለች፣ እዚያ ለዓመታት የተቀቡ ብዙ ሴቶች ፊታቸው ተበላሽቶ ስለነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ቆዳ ለማቅላት እንዳይውል ከልክሏል፣ አሜሪካ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ በማዘዣ ብቻ እንዲሆን አድርጋለች።

የተበላሸው እንዴት ነው? ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ጉንጭ አጥንት፣ ግንባርና አንገት ላይ አመድማ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥቁረት ይመጣል። በሐኪም ቋንቋ ኦክሮኖሲስ ይባላል። ሲቆይ ጥቃቅን ጥቁር ጠጠር የመሰለ ነገር ያወጣል፣ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል። ቀለሙ ያለው ከላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ጠልቆ ነው፣ ስለዚህ ታጥቦም ተፍቆም አይለቅም፣ ሕክምናውም አስቸጋሪ ነው።

ወጥመዱ እዚህም አለ። ሴትየዋ ጥቁረቱን ስታይ ማድያቱ የባሰባት ይመስላታል። ስለዚህ ክሬሙን ትጨምራለች። ሃይድሮኪኖን እየተቀባሽ የምትቀቢው ቦታ ራሱ እየጠቆረ ከሄደ አቁሚና ሐኪም ጋ ሂጂ። ሐኪም ያዘዘልሽ ቢሆንም።

ሜርኩሪ ፊት ላይ ምን ያደርጋል?

ፊት ላይ ብዙም ላያሳይ ይችላል፣ የሚያስፈራው እሱ ነው። ሽፍታ ወይም የቀለም መዘበራረቅ ሊያመጣ ይችላል፣ ዋናው ጉዳት ግን ኩላሊት ላይ ነው። በቆዳ ይገባል፣ በትነትም ይተነፈሳል። ኩላሊት ማጣሪያው ሲጎዳ ፕሮቲን በሽንት መውጣት ይጀምራል። ሽንት አረፋ ይይዛል፣ ጠዋት ዓይን ሥር ያብጣል፣ ማታ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ነርቭም ይነካል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውየው ነጭናጫ ይሆናል፣ ይረሳል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። እነዚህን ምልክቶች ከፊት ክሬም ጋር የሚያገናኝ ሰው ጥቂት ነው።

ጥሩው ነገር፣ የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። የሽንት ፕሮቲን በትንሽ ወረቀት የሚታይ ምርመራ ስለሆነ ጤና ጣቢያ ይሠራል። የደም ግፊትሽንም ይለኩልሽ። ፕሮቲን ከተገኘ ክሬሙን ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ከቻልሽ ብልቃጡን አሳዪአቸው። በሽንት ውስጥ ራሱን ሜርኩሪውን የሚለካ ምርመራ አለ፣ እሱ ግን ሁሉም ቦታ አይሠራም። ብዙ ሰው ክሬሙን ቶሎ ካቆመ ኩላሊቱ እያገገመ ይሄዳል።

ልጄን አልቀባትም። እሷን ምን ያገኛታል?

ሜርኩሪ ከሆነ ያገኛታል። የተቀባ ጉንጭ ትስማለች፣ በዚያው ፎጣ ትጠረጋለች፣ በዚያው ትራስ ትተኛለች። ትነቱም ቤት ውስጥ ይቀራል፣ እኛ ደግሞ በብርዱ ምክንያት በርና መስኮት ዘግተን ነው የምናድረው። ሜርኩሪ ወደ ፅንስም ያልፋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ማናቸውንም የሚያቀላ ክሬም ብትተው ይሻላል። በእርግዝና የሚመጣ ማድያት ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ በራሱ ይደበዝዛል።

እሺ፣ አደገኛውን በምን ልለየው?

በዓይን ብቻ አይቶ «ይህ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። እኔም አልችልም። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ነጭ፣ ለስላሳ፣ መዓዛው የሚያውድ ሊሆን ይችላል። «ይህ አደገኛ ነው» የሚያሰኙ ምልክቶች ግን አሉ፣ አንዱ እንኳ ካለ መተው ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉን ፈልጊ። የይዘት ዝርዝር፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አትግዢ። ጽሑፍ የሌለው ብልቃጥ፣ ከትልቅ ዕቃ በማንኪያ እየተቀነሰ የሚሸጥ፣ ቤት ውስጥ የተበጠበጠ ድብልቅ ከሆነ ማንበብ ራሱ አያስፈልግም። የታወቀ ስም ያለበት ብልቃጥም ቢሆን ክዳኑ ተከፍቶ ከነበረ አትመኚው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 አሜሪካ፣ ሳክራሜንቶ ውስጥ አንዲት ሴት በታወቀ ብልቃጥ ውስጥ በገባ ክሬም ተመርዛ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገብታለች። ሜርኩሪው የተጨመረው በኋላ ነበር።

ዝርዝሩ ካለ አንብቢው። ለስቴሮይድ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ፍሉኦሲኖናይድ የሚሉትን ፈልጊ። «ሶን» ወይም «ሶል» ብሎ የሚያልቅ የማታውቂው ስም ካየሽ ቆም ብለሽ ፋርማሲ ጠይቂ። ሃይድሮኪኖን «ኪኖል» ወይም «ቤንዚንዲኦል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሜርኩሪ «ካሎሜል»፣ «መርኩሪክ»፣ «መርኩሪየስ» ወይም «መርኩሪዮ» ይባላል፣ አንዳንዴ ደግሞ Hg ብቻ ተብሎ ይጻፋል። ግን ዝርዝሩ ላይ የለም ማለት ክሬሙ ውስጥ የለም ማለት አይደለም፣ ሜርኩሪ የሚጨምር አምራች ብዙ ጊዜ አይጽፈውም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያውንም አንብቢ። «ከወርቅ፣ ከብርና ከሌላ ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ካለ ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል፣ ምክንያቱም ሜርኩሪ ከወርቅ ጋር ይዋሃዳል። ተራ የፊት ቅባት የጋብቻ ቀለበት አያስወልቅም። ክዳኑ ተከፍቶ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ግራጫ ወይም ወደ አረንጓዴነት የሚያደላ ክሬምም ያጠራጥራል። ሃይድሮኪኖን ደግሞ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቡናማ ይሆናል፣ ነጭ የነበረው ክሬም ጠርዙ ላይ የሻይ ቀለም ከያዘ ተበላሽቷል።

የመጨረሻው ምልክት ያለው ራስሽ ቆዳ ላይ ነው። በቀናት ውስጥ ካቀላሽ፣ ሲቀር ከመጀመሪያው ከከፋብሽ፣ ፊትሽ ቀልቶ ጣት መገጣጠሚያሽ ከጠቆረ፣ ብልቃጡ ላይ ምንም ይጻፍ ምን ክሬሙን ተይው።

«መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ቢጻፍስ?

ያንን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ሜርኩሪም ከመሬት የሚወጣ ተፈጥሯዊ ነገር ነው።

ከተውኩት በኋላ እንዳልጠቁር ምን ልቀባ?

ወደ ራስሽ መልክ ትመለሻለሽ፣ ለጊዜውም ከእሱ ትንሽ ጠቆር ልትዪ ትችያለሽ። ይህ የሚሆነው በፀሐይ ነው። እኛ ያለነው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሰው ግን ብርድ ስለሆነ ፀሐይ ያለ አይመስለውም፣ እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ደጅ ይቀመጣል። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ወይም ጥላ ያዢ። አቅም ከፈቀደ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ፣ ውጭ ስትውዪ በየሁለት ሰዓቱ። አቅም ካልፈቀደ ባርኔጣው ብቻውን ብዙ ይሠራል። የሚያቀላ ሳሙና፣ ሎሚ፣ መፈተጊያ ነገር፣ እንፋሎት አሁን ቆዳሽ ላይ አታሳርፊ፣ ስስ ስለሆነ ይቆስላል። ሐኪም ካስፈለገ እዚሁ ደብረ ብርሃን ካለው ሆስፒታል ጀምሪ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጽፉልሽ ከሆነም አለርት የቆዳ ሕክምና የቆየ ልምድ ያለው ሆስፒታል ነው።

የቀረውን ክሬም የት ልጣለው?

እሳት ውስጥ አትጣዪው። ሜርኩሪ ካለበት ሲሞቅ ይተናል፣ ጓሮ ውስጥ ቆሻሻ ስታቃጥዪ የምትተነፍሺው አንቺና ልጆችሽ ናችሁ። ሽንት ቤትና ወንዝ ውስጥም አይግባ። ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ በሁለት ፌስታል ቋጥሪና ልጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ከቤት ውጭ አስቀምጪ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ። ብልቃጡ ምን እንደተቀባሽ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ስትቀቢበት የነበረውን ፎጣና የትራስ ልብስ ከልጆች ልብስ ለይተሽ እጠቢ፣ ስታጥቢም መስኮቱን ክፈቺ።